ሰባቱ አሥራ ሰባት ኪሎ አይሆንም፦ ለወገራው የስንዴ ማዳበሪያ ስሌት የተሰጠ ምላሽ

ምላሽ የምሰጥበት ጽሑፍ በወገራ አካባቢ ላለ የስንዴ ማሳ የማዳበሪያ መጠን አስልቶ ያሳየ ነው። በውስጡ ኤንፒኤስ የሚለው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበትን ማዳበሪያ ነው። ዋና ዋና ነጥቦቹ በጸሐፊው ቃል እነዚህ ናቸው፦

«1. ላብራቶሪው ፎስፈረስ 7 ካለ ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ሄክታር በ20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት 2.4 ሚሊዮን ኪሎ አፈር አለው፤ 7 በ2.4 ሲባዛ 17 ኪሎ ፎስፈረስ። 30 ኩንታል ስንዴ የሚወስደው 11 ኪሎ ነው። ትርፍ አለ፤ ኤንፒኤስ አያስፈልግም።

2. ጠቅላላ ናይትሮጅን 0.12 በመቶ ማለት 2,880 ኪሎ ነው። በዓመት 2 በመቶው ይለቀቃል፤ 58 ኪሎ። ስንዴው የሚፈልገው 60 ነው። ዩሪያ የምንጨምረው በልማድ እንጂ በስሌት አይደለም።

3. 60 ኩንታል የሚያልም ቁጥሮቹን ሁሉ እጥፍ ያድርግ።

4. ገለባው የማሳው ስለሆነ ፍሬውን ብቻ ቆጥሬአለሁ።

5. ፎስፈረሱ በጣም ያነሰ ማሳ ላይ፣ 20 ኪሎ ፎስፈረስ ቢጎድል፣ ኤንፒኤስ 38 በመቶ ነውና 20 ÷ 0.38 = 53 ኪሎ ይበቃል።»

ጸሐፊው ለሁሉም ማሳ መቶ ኪሎ ዳፕ መቶ ኪሎ ዩሪያ ከሚባልበት ዘመን እንውጣ ማለታቸው ትክክል ነው። እኔም የምሠራው በዚሁ ነው። የአፈር ምርመራ ወረቀት እያነበብሁ ለገበሬ ስንት ኪሎ እንደሚያስፈልገው እነግራለሁ። ማባዛትና መቀነሳቸውም አልተሳሳተም። የተሳሳተው የሚያባዙትና የሚቀንሱት ነገር ነው። ስለዚህ በአየር ላይ ከመከራከር አንድ ማሳ ይዤ እሄዳለሁ፤ አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ያለውን የአጎቴን ሁለት ጥማድ የስንዴ መሬት። ሁለት ጥማድ ግማሽ ሄክታር ነው። የላብራቶሪው ወረቀትም ከጸሐፊው ምሳሌ ጋር ይቀራረባል፦ ፒኤች 5.9፣ ጠቅላላ ናይትሮጅን 0.12 በመቶ፣ በኦልሰን ዘዴ የተለካ ፎስፈረስ 7 ሚሊ ግራም በኪሎ፣ ፖታሽየም 0.55 ሴንቲሞል በኪሎ።

ለአንደኛው ነጥብ።

ያ 7 ከየት መጣ? ላብራቶሪው አፈሩን በሶዲየም ባይካርቦኔት ውሃ ውስጥ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት ይንጠዋል፤ ከዚያ አጥልሎ ወደ ውሃው የወጣውን ፎስፈረስ ይለካል። ስተርሊንግ ኦልሰንና ባልደረቦቹ በ1954 እ.ኤ.አ. ያወጡት ዘዴ ነው። ኬሚካሉ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚያወጣው ከአፈሩ ፎስፈረስ የተወሰነውን ክፍል ብቻ ነው። የስንዴ ሥር ደግሞ ባይካርቦኔት የለውም፤ ግማሽ ሰዓትም አይቸኩልም። አራት ወር ሙሉ ይሠራል፤ ሆኖም ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ እንደ ናይትሬት በውሃ ተጉዞ ወደ ሥሩ ስለማይመጣ፣ ሥሩ የሚያገኘው ከራሱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ብቻ ነው። ብረትና አልሙኒየም የበዛበት ቀይ አፈር ፎስፈረሱን አጥብቆ ይይዛል። አንዳንዱ አፈር ደግሞ ሥሩ በወሰደ ቁጥር ከተደበቀው ቀስ እያለ ይተካል። 7 የወጣላቸው ሁለት ማሳዎች በአንድ ክረምት ለስንዴው የሚሰጡት ፎስፈረስ እኩል የማይሆነው ለዚህ ነው።

ጠላ ቀምሶ «ቀጥኗል» ወይም «ወፍሯል» ማለት ይቻላል። ጋኑ ስንት ጣሳ እንደቀረው ግን በመቅመስ አይታወቅም። 7ም እንደዚያው ቅምሻ ነው። የሚያወሳው አፈሩ ከስንዴው ፍላጎት በታች መሆኑን ነው። 17 ኪሎ ተከማችቶ ይጠብቃል አይልም።

ታዲያ ቁጥሩ ምን ይጠቅማል? በብዙ ማሳ ላይ ፎስፈረስ በተለያየ መጠን ተጨምሮ፣ የኦልሰን ቁጥሩና የተገኘው ምርት ጎን ለጎን ሲታይ፣ ከአንድ ወለል በታች ማዳበሪያው ምርት ይጨምራል፤ ከዚያ በላይ ግን ለውጥ የለውም። ያን ወለል ወሳኝ ደረጃ እንበለው። እኛ አገር የተለመደው ቀመር ይህ ነው፦

`Pf = (Pc − Po) × Prf`

Pf የምንጨምረው ፎስፈረስ በኪሎ በሄክታር፣ Pc ወሳኙ ደረጃ፣ Po የላብራቶሪው ቁጥር፣ Prf ደግሞ የአፈሩን ቁጥር በአንድ ሚሊ ግራም ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ኪሎ ነው። የመጨረሻው በሙከራ የሚገኝ ነው፤ ማሳው ላይ ፎስፈረስ ይጨመርና ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ቁጥሩ ስንት እንደወጣ ይለካል። ጽሑፉ ላይ ያለው 2.4 ይህን ቦታ ሊተካ የሚችለው አፈሩ ከተጨመረለት ፎስፈረስ ምንም የማያስር ቢሆን ብቻ ነው። እንዲያ ያለ አፈር ወገራ ላይ አላየሁም።

ለአጎቴ ማሳ ወሳኝ ደረጃውን 12፣ Prfን 4 ይዣለሁ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ማንም ሰው ለሌላ ወረዳ ዝም ብሎ አይገልብጣቸው፤ ለየአፈሩና ለየሰብሉ ይለያያሉ፤ በአቅራቢያው የተሠራውን ሙከራ መጠየቅ ያስፈልጋል። በእነዚህ ግን (12 − 7) × 4 = 20 ኪሎ ፎስፈረስ በሄክታር ይወጣል። ጽሑፉ «ትርፍ አለ» ባለበት መሬት ላይ ነው ይህ።

ሰብሉ የሚወስደው መጠን ለፎስፈረስ ጥቅም የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ቁጥሩ 12ና ከዚያ በላይ የወጣለት ማሳ ላይ ቀመሩ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ይሰጣል። እዚያ ላይ ነው ሰብሉ በየዓመቱ ይዞ የሚወጣውን መመለስ ቦታ የሚያገኘው፤ ለ30 ኩንታል ስንዴ ከነገለባው 13 ኪሎ ያህል። አለዚያ ከጊዜ በኋላ ያው ማሳ ተመልሶ ከ12 በታች ይወርዳል። ስለዚህ አንዱ ቁጥር አፈሩ የት እንደቆመ፣ ሌላው ከማሳው ምን እንደሚወጣ ይናገራል፤ አንዱን ከሌላው መቀነስ ግን አይሆንም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ የተለካበት ዘዴ ስም ካልተጻፈ ላብራቶሪውን ይጠይቁ። ሜህሊክ-3 የሚባለው ዘዴ ከአንድ አፈር የሚያወጣው ቁጥር ከኦልሰን ይበልጣል። የሜህሊክን 20 በኦልሰን 12 መዝኖ «ጠግቧል» ማለት በተግባር የሚያጋጥም ስህተት ነው።

ናሙናውም ራሱ ያታልላል። አጎቴ መጀመሪያ ያመጡልኝን አፈር ላብራቶሪ ሰድጄ 24 ወጣ። ደስ ብሏቸው «ልጄ፣ መሬቴ ወፍራም ነው ብዬህ አልነበር?» አሉኝ። ከየት ነው የወሰዱት ብዬ ብጠይቃቸው ከበሩ ፊት ለፊት፣ በየማለዳው አዛባ ከሚወረወርበት ጥግ ነው። በዓመቱ አብረን ወጣን። አንድ ባልዲና አካፋ ይዘን ማሳውን ከላይ እስከ ታች በእባብ አካሄድ እያቋረጥን፣ ከ18 ቦታ 20 ሳንቲ ሜትር ድረስ እየቆረጥን፣ የበሩን ጥግ፣ የአውድማውን ቦታና የአጥሩን ዳር ዘለልን። ባልዲው ውስጥ አደባልቀን አንድ ኪሎ ያህል ወሰድን። 7 የወጣው ያኔ ነው። ያ ጥግ ከሁለቱ ጥማድ አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም ለመላው ማሳ «ፎስፈረስ አያስፈልግም» ሊያስብል ነበር።

ለሁለተኛው።

ከ2,880 ኪሎው ናይትሮጅን አብዛኛው በሙት ሥርና በቅጠል ብስባሽ ውስጥ ተቆልፎ ያለ ነው። በዓመት የሚለቀቀው ከ1 እስከ 3 በመቶ ይሆናል፤ ከ29 ኪሎ እስከ 86 ኪሎ ማለት ነው። ልዩነቱን ያስተውሉ። ጽሑፉ መሃሉን 2 በመቶ ይዞ 58 አገኘና 60ን ሊሞላ ሁለት ኪሎ ብቻ ቀረው። ሆኖም 1 በመቶ ቢይዝ የጎደለው 31 ኪሎ ይሆን ነበር፤ 3 በመቶ ቢይዝ ደግሞ ትርፍ ያገኝ ነበር። አንድ ሰው መልሱን በፈለገው መንገድ ማግኘት ከቻለ ስሌት ሠራሁ ማለቱ ይከብዳል። ጠቅላላ ናይትሮጅን ከዓመት ዓመት የማሳውን ልማት ለመከታተል ይረዳል። ስንዴው በዚህ ክረምት የሚያገኘውን ለመናገር ግን ደካማ ነው።

የተሻለው መንገድ ማሳውን መጠየቅ ነው። ባለፈው ዓመት በአጎቴ ማሳ መሃል ሁለት በአምስት ሜትር የሆነ ቦታ በአራት ችካል ለየሁ። አሥር ካሬ ሜትር ነው። እዚያ ላይ ዩሪያ አልተጨመረም፤ ኤንፒኤስ ግን በሄክታር መቶ ኪሎ ሒሳብ፣ ማለትም መቶ ግራም፣ ተዘርቶበታል። ባዶ ብተወው ምርቱ በፎስፈረስ ማነስ ሊያንስ ይችላል፤ ያኔ የናይትሮጅኑን ጥፋት ከፎስፈረሱ መለየት አይቻልም። ነሐሴ ላይ ያ አሥር ካሬ ሜትር ከሩቅ ይታይ ነበር። የታችኛው ቅጠል ከጫፉ ወደ ውስጥ ቢጫ እየሆነ፣ ተክሉም ከጎረቤቱ አጥሮ። አጎቴ ሳያስቡት እዚያ ጥግ ዩሪያ እንዳይበትኑ ሦስት ጊዜ ለምኛቸዋለሁ፤ «ልጄ፣ አንተ ምን በድሎህ ነው እንዲህ የምታስርበው?» ብለውኛል።

ታጭዶ፣ ለብቻው ተወቅቶ፣ በሚዛን ላይ 1.7 ኪሎ ፍሬ ወጣ። ከአሥር ካሬ ሜትር የተገኘ ኪሎ በቀጥታ ቶን በሄክታር ማለት ነው፤ ስለዚህ 17 ኩንታል። ስንዴ ከነገለባው በቶን ፍሬ 26 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ይወስዳል። 1.7 በ26 44 ኪሎ ነው። ከዚያ ውስጥ ግን ኤንፒኤሱ ያመጣው አለ፤ መቶ ኪሎ ኤንፒኤስ 19 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። ስንዴው የሚይዘው ግማሹን ስለማይሞላ 45 በመቶ ብንል 8 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ሲቀነስ ከአፈሩ የተገኘው 36 ኪሎ ነው።

በ58 እና በ36 መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ላይመስል ይችላል። ዩሪያውን የሚያስቀረው ግን እሱ ነው። ጽሑፉን አምኖ ዩሪያ ያልጨመረ ገበሬ በዚህ ማሳ ላይ 30 ኩንታል አያገኝም፤ ችካሉ ውስጥ የታየውን 17 ያገኛል፤ ኤንፒኤሱንም ከተወ ከዚያ በታች።

ስንዴው የሚይዘው ግማሹን አይሞላም ያልሁትን ልመለስበት፤ ጽሑፉ ከእነአካቴው የዘለለው ነው። አንድ ኪሎ ናይትሮጅን ከዩሪያ ብንጨምር ወደ ስንዴው የሚገባው አንድ ኪሎ አይደለም። ከፊሉ ሳይሸፈን ሲቀር በአሞኒያ ይበንናል፤ ከፊሉ በከባድ ዝናብ ወደ ታች ይታጠባል፤ ከፊሉን ተህዋስያን ይይዙታል። ውሃ በሚተኛበት ዋልካ ላይ ደግሞ ኦክስጅን ሲያጥር ናይትሬቱ ወደ ጋዝ ተቀይሮ ይሄዳል። ስለዚህ የጎደለው ስንዴው ከተጨመረው በሚይዘው ምጣኔ ይካፈላል። የአጎቴ መሬት ዳገት ላይ ያለ ቀይ አፈር ስለሆነ ውሃው ይወርዳል፤ 45 በመቶ ብዬ ይዣለሁ። ከመንደራቸው በታች ሜዳው ላይ ያለው ጥቁር መሬት ቢሆን 30 በመቶ እይዝ ነበር። ያ መሬት ላይ ግን መጀመሪያ የምመክረው ፈሰስ ማውጣት እንጂ ዩሪያ መጨመር አይደለም፤ ሥሩ ውሃ ውስጥ ለቆመ ስንዴ ዩሪያ ማፍሰስ ቀዳዳ እንስራ መሙላት ነው።

ስለዚህ ለ30 ኩንታል፦ 3 ቶን በ26 78 ኪሎ፤ ከአፈሩ 36 ሲቀነስ 42 ይጎድላል፤ 42 ለ0.45 ሲካፈል 93 ኪሎ ናይትሮጅን በሄክታር።

ሦስተኛውን በአጭሩ።

አፈሩ የሚሰጠው 36 ኪሎ ሰው ስለመኘ እጥፍ አይሆንም። 6 ቶን በ26 156 ነው፤ 36 ሲቀነስ 120 ይጎድላል። ግቡ እጥፍ ሲሆን ጉድለቱ ከ42 ወደ 120፣ ሦስት እጥፍ ገደማ ሄደ። በ0.45 ሲካፈል 267 ኪሎ ናይትሮጅን ነው። በዩሪያ ቢቆጠር ስድስት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ይህን ያህል የተጨመረለት ስንዴ ቁመቱ ረዝሞ ነሐሴ ውስጥ በነፋስና በዝናብ ይጋደማል፤ ዋግም ይወደዋል። ስንዴው የሚይዘው ምጣኔም ናይትሮጅኑ በበዛ ቁጥር ስለሚወርድ 267 እንኳ አይበቃም።

ግብ የሚወጣው ከማሳው ታሪክ ነው። አጎቴ ያለፉትን አምስት ዓመታት በጥማድ እንዲህ አስታወሱ፦ 6 ኩንታል፣ 7፣ 4፣ 7፣ 6 ተኩል። አራቱ በረዶ የመታው ዓመት ነው፤ ወጣ። የቀሩት አራቱ አማካይ 6.6 ገደማ ነው። ከዚያ ላይ አንድ አሥረኛ ያህል ከፍ አድርጌ ወደ 7 ተኩል አጠጋጋሁት። 7 ተኩል በጥማድ 30 በሄክታር ነው። እሳቸው «ሞዴሉ ገበሬ 12 አገኘ ይላሉ» አሉኝ። እርሱ ያገኘው የተሻሻለ ዘር ዘርቶ፣ አረሙን ሁለት ጊዜ አርሞ ነው፤ አንቱ ዘንድሮ ያንን ካደረጉ የከርሞውን ግብ ከዘንድሮው ሚዛን ላይ ተነስተን እናሳድገዋለን አልኋቸው።

ወደ አራተኛው ስሄድ ጸሐፊው የት አካባቢ እንደሚኖሩ ጠየቅሁ። ኮምባይነር ገለባውን በትኖ በሚያልፍበት አገር አባባላቸው ልክ ነው። ወገራ ላይ ስንዴ ከመሬት ተጠግቶ በማጭድ ይታጨዳል፤ ነዶው ወደ አውድማ ይሄዳል፤ ገለባው ተከምሮ እስከ ሰኔ የከብት ቀለብ ይሆናል። ማሳው ላይ የቀረውን አጭር ቃርሚያ ከብቶች ይግጡታል። አዛባው ደግሞ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይነዳል፤ የተረፈውም ወደ ጓሮ ጎመን ነው የሚሄደው። ገለባው ከማሳው ወጥቶ የሚመለስበት መንገድ የለውም። ስለዚህ በጎንደር ስሌት ላይ ገለባ ይቆጠራል። ለናይትሮጅን በቶን ፍሬ 6 ኪሎ ያህል፣ ለፎስፈረስ አንድ ኪሎ ያልሞላ ይጨምራል።

ትልቁ ልዩነት ያለው ፖታሽየም ላይ ነው። 30 ኩንታል ስንዴ ከነገለባው 60 ኪሎ ያህል ፖታሽየም ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ ውስጥ በፍሬው ያለው 12 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ፍሬ ብቻ የሚቆጥር ሰው አራት አምስተኛውን አላየውም። የአጎቴ ማሳ 0.55 ስለሆነ ዘንድሮ ፖታሽ አላዘዝሁም፤ ያ ቁጥር ለስንዴ በቂ ነው። እዚህ ላይ 0.55ን ወደ ኪሎ ለውጬ «ለዚህን ያህል ዓመት ይበቃል» ብል የነቀፍሁትን ራሱን ልሠራ ነው፤ የሸክላው ማዕድን ከውስጡ ቀስ እያለ ስለሚለቅ። የማደርገው በየሦስት ዓመቱ ማስለካትና ቁጥሩ ወደ ታች እየሄደ እንደሆነ ማየት ነው።

አምስተኛው ስህተት የጸሐፊው ብቻ ስላልሆነ አልፈርድባቸውም። እኔም ሥራ በጀመርሁበት ዓመት ሠርቼዋለሁ። ላብራቶሪና ቀመሩ የሚናገሩት ስለ ንጹሕ ፎስፈረስ ነው። ከረጢቱ ላይ ያለው 38 ግን የ P2O5 በመቶኛ ነው፤ በልማድ የቀረ የድሮ አቆጣጠር። ንጹሕ ፎስፈረስን ወደ እሱ ለመቀየር በ2.29 ይባዛል። 20 በ2.29 46 ነው፤ 46 ለ0.38 ሲካፈል 121 ኪሎ ኤንፒኤስ። ጽሑፉ የሰጠው 53 ከግማሽ ያንሳል። የእኔ ስህተት የተገኘው ማሳ ላይ ነው። በነሐሴ መጨረሻ ስንዴው ቢጫ ሳይሆን ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ፣ ቁጥቋጦ ሳያበዛ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ የታችኛው ቅጠል ወደ ወይን ጠጅ ሲያደላ አየሁ። ናይትሮጅን የጎደለው ቢጫ ይሆናል፤ ፎስፈረስ የጎደለው ግን እንዲህ ይጨልምና ይቀጭጫል። ወረቀቴን አወጣሁና 2.29 የሚለው መስመር እንደሌለ አየሁ። ሰውዬው ምንም አላሉኝም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ያን ማሳ ሳልፍ ወደዚያ ማየት አልወድም።

አሁን ሁለቱን እናገናኝ። 121 ኪሎ ኤንፒኤስ ፎስፈረሱን ብቻ አያመጣም፤ 19 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አብሮ ይገባል። ከ93 ሲቀነስ 70 ይቀራል፤ ዩሪያ 46 በመቶ ነውና 70 ለ0.46 152 ኪሎ። በኤንፒኤሱ ውስጥ ያለው 7 በመቶ ሰልፈር ደግሞ 8 ኪሎ ተኩል ይሆናል፤ ለዚያ ሌላ ነገር አልጨመርሁም። ለሁለቱ ጥማድ ግማሹን እንውሰድ፦ 60 ኪሎ ኤንፒኤስና 76 ኪሎ ዩሪያ። በ50 ኪሎ ከረጢት ከኤንፒኤሱ አንድ ከረጢትና አሥር ኪሎ፣ ከዩሪያው አንድ ተኩል ከረጢት ነው።

አጎቴ ሌላውን አሥር ኪሎ ኤንፒኤስ ከየት ያመጣሉ? ከጎረቤታቸው ጋር አንድ ከረጢት ተካፈሉ። ባይገኝ ኖሮ 50 ይበቃል እላቸው ነበር፤ የቀመሩ ሁለት ቁጥሮች ራሳቸው ከሙከራ የመጡ አማካይ ስለሆኑ በአሥር ኪሎ ላይ ጠብ የሚያነሳ ሰው ስሌቱን ከሚገባው በላይ አምኗል። ጽሑፉን ተከትሎ ሙሉ በሙሉ መተው ግን ሌላ ነገር ነው።

ኤንፒኤሱ በሙሉ ከዘሩ ጋር ይገባል። ዩሪያ ላይ የተለመደው «ሲሶው ሲዘራ፣ ሁለት ሲሶው በኋላ» ነው፤ ሲሶ የሚባለው ግን የናይትሮጅኑ እንጂ የዩሪያው አይደለም። የሁለቱ ጥማድ ናይትሮጅን 46 ኪሎ ተኩል ሲሆን ሲሶው 15 ኪሎ ተኩል ነው። ከዚያ ውስጥ 11 ኪሎ ተኩሉን ኤንፒኤሱ አምጥቶታል። ስለዚህ ሲዘራ 9 ኪሎ ዩሪያ ይበቃል፤ 67ቱ ኪሎ ስንዴው ከሥሩ አዳዲስ ቀንበጥ ሲያበዛ፣ ከተዘራ ከ35 እስከ 40 ቀን፣ ከአረም በኋላ መሬቱ ርጥብ ሆኖ ውሃ ሳይተኛበት ይበተናል። አጎቴ ዘንድሮ 25 ኪሎውን ሲዘሩ ሊጨምሩት ነበር፤ ቀሪውን በእጃቸው ይዘው «ታዲያ ይህን ሁሉ እስከ ሐምሌ ላስቀምጠው?» ሲሉኝ አዎን፣ ደረቅ ቦታ ላይ ከመሬት ከፍ አድርገው፣ አፉን አስረው አልኋቸው።

ችካሎቹ ዘንድሮም አሉ፤ ከአምናው ቦታ ግን አሥር እርምጃ ወደ ታች አንቀሳቅሻቸዋለሁ፤ ያው ቦታ ሁለት ዓመት ዩሪያ ካጣ የአፈሩን አቅም ያሳንሰዋልና። ኅዳር ላይ ሲታጨድ ሁለት ነገር እመዝናለሁ፦ የችካሉን ውስጥና ከጎኑ ሌላ አሥር ካሬ ሜትር። ከጎኑ ያለው 3 ኪሎ ከሞላ 45 በመቶው ልክ ነበር። 2.5 ቢሆን ለ2.5 ቶን 65 ኪሎ ናይትሮጅን ተወስዷል ማለት ነው፤ ከአፈሩ 36 ሲቀነስ ከ93ቱ ኪሎ ወደ ስንዴው የገባው 29 ብቻ ነው፤ ያ 31 በመቶ ነው። ያኔ የሚጠየቀው የከረጢቱ ቁጥር ሳይሆን ዩሪያው መቼ እንደተበተነ፣ ማግሥቱን ምን ያህል እንደዘነበና አረሙ በጊዜ ወጥቶ እንደነበር ነው።